አሻሚ ተውላጠ ስምና ባለቤቱን የሳተ ሐረግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ማመልከቻና ውል የሚያረቅቁ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ተነስተው ወደ ከባዱ ይሄዳሉ።

የአማርኛ ግስ ባለቤቱን በራሱ ይናገራል። ታዲያ አሻሚነቱ ከየት ይመጣል?

ግሱ ስም አይጠራም። የሚነግረን ወንድ ወይም ሴት፣ አንድ ወይም ብዙ፣ ቅርብ ወይም ሩቅ የሚለውን ብቻ ነው። «ሄለን ዳዊትን ፖስታ ቤት አግኝታው ደብዳቤውን ሰጠችው። ወዲያው ወደ ለገሃር ሄደች» ቢባል የሚያጠራጥር ነገር የለም። በ«ሰጠችው» ውስጥ «ች» ሄለንን፣ «ው» ዳዊትን ይዘዋል፤ «ሄደች»ም ወደ ሄለን ብቻ ይመለሳል።

ሄለንን አውጥተን ሳሙኤልን እናስገባ፦ «ሳሙኤል ዳዊትን ፖስታ ቤት አግኝቶት ደብዳቤውን ሰጠው። ወዲያው ወደ ለገሃር ሄደ።» ማን ሄደ? ዓረፍተ ነገሩ አይናገርም። ስለዚህ አንድ አንቀጽ ውስጥ ጾታቸውና ቁጥራቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ሲገቡ ከዚያ በኋላ ያለውን እያንዳንዱን ግስ በጥርጣሬ ማንበብ ያስፈልጋል። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ብዙውን ሥራ ግሱ ይሠራዋል።

«ልጁ» ሲባል ያ ልጅ ነው ወይስ የእሱ ልጅ?

ሁለቱንም ነው። በወንድ አንዱን ነገር ለይቶ የሚያመለክተው «ኡ» እና «የእሱ» የሚለውን የሚተካው «ኡ» በጽሑፍም በድምፅም አንድ ናቸው። ቤቱ፣ መኪናው፣ ገንዘቡ፣ ፊርማው፣ ሁሉም ሁለት ትርጉም አላቸው። በሴት ግን ቋንቋው ይለያል፤ «ልጅቷ» ያቺ ልጅ ናት፣ «ልጇ» ደግሞ የእሷ ልጅ ነው። ወንድ ላይ ይህ ልዩነት ስለሌለ «ዳዊት ከሳሙኤል ጋር ተጣልቶ መኪናውን ወሰደ» የሚል ዓረፍተ ነገር ዳዊት የራሱን፣ የሳሙኤልን ወይም ቀደም ሲል የተነገረለትን ሌላ መኪና ወሰደ ተብሎ ሊነበብ ይችላል።

መፍትሔው አጭር ነው። መኪናው የዳዊት ከሆነ «የራሱን መኪና»፣ የሌላው ከሆነ «የሳሙኤልን መኪና»፣ የሁለቱም ካልሆነ «ቀደም ሲል የተጠቀሰውን መኪና» ይባላል። «የእሱን መኪና» ማለት ግን አያድንም፤ «እሱ» ራሱ ማንን እንደሚያመለክት ገና አልታወቀምና።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ። ፊደላችን ስምን ከተራ ቃል የሚለይበት ትልቅና ትንሽ ሆሄ የለውም። «አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ፈረመ» ሲባል የፈረመው በቅርቡ የተሾመው ሰው ነው ወይስ አዲሱ የሚባለው? «አቶ አዲሱ» ወይም «በቅርቡ የተሾመው ሥራ አስኪያጅ» ሲባል ብቻ ይለያል። ታደሰ፣ ከበደ፣ ተስፋዬ የሚሉ ስሞችም ሌላ ቃል መስለው ሊነበቡ ስለሚችሉ ማዕረጋቸውን አለመጣል ይበጃል።

ስም መደጋገም የጽሑፍ ድክመት አይደለም?

በልብ ወለድ ሊሆን ይችላል። በውል፣ በቃለ ጉባኤና በምስክር ቃል ግን አይደለም። «ተከራይ» የሚለው ቃል አንድ አንቀጽ ውስጥ አራት ጊዜ ቢመጣ አንባቢው አይሰለችም፤ የሚሰለቸው ማን ምን እንዳደረገ ለማወቅ ወደ ኋላ ተመልሶ ሲያነብ ነው።

ከድግግሞሽ ለመሸሽ ሲባል ለአንድ ሰው አራት መጠሪያ መስጠትም ጥሩ አይደለም። «አቶ ዳዊት» ተብሎ ተጀምሮ «ሠራተኛው»፣ ቀጥሎ «ግለሰቡ»፣ ከዚያ «ተጠቃሹ» ከተባለ አንባቢው አራት ሰዎች ያሉ ይመስለዋል። አንድ መጠሪያ ተመርጦ እስከ መጨረሻው ይያዝ።

«ይህም» የሚለው ቃል ለምን ይተቻል?

ከፊቱ ያለው ነገር አንድ ካልሆነ የትኛውን እንደያዘ ስለማይታወቅ ነው። «ኪራይ ጨመረ፣ ደንበኛ ቀነሰ፤ ይህም ሱቁን አዘጋው» ሲባል ሱቁን ያዘጋው ኪራዩ ነው፣ የደንበኛው መቀነስ ነው ወይስ ሁለቱ ተደምረው? ከ«ይህ» በኋላ ስም ማስከተል ነው መፍትሔው፦ «ይህ የኪራይ ጭማሪ»፣ «ይህ የደንበኛ መቀነስ»፣ «እነዚህ ሁለት ምክንያቶች»። የሚከተለው ስም ካልመጣላችሁ ሐሳቡ ገና አልጠራም ማለት ነው።

አንቱታ ሲገባ «አሉ» እና «ልጃቸው» ማንን ያመለክታሉ?

አንድ የተከበረ ሰውንም ብዙ ሰዎችንም ያመለክታሉ። «ዳይሬክተሩ ሠራተኞቹን ካነጋገሩ በኋላ ወደ ቢሯቸው ሄዱ» የሚለውን ተመልከቱ። የሄዱት ዳይሬክተሩ ናቸው ወይስ ሠራተኞቹ? ቢሮውስ የማን ነው? አንቱታ የአንዱን ሰው ግስ ከብዙዎቹ ግስ ጋር ስላመሳሰለው ቁጥር መለያ መሆኑ ይቀራል። ቃለ ጉባኤ ውስጥ በተለይ «ሐሳባቸውን ገልጸዋል» የሚለው ሐረግ ተናጋሪው አንድ ሰው ይሁን ጉባኤው ሁሉ ሳይታወቅ ይቀራል።

አንቱታውን ማንሳት አያስፈልግም። ግሱ አጠገብ ባለቤቱን መመለስ ይበቃል፦ «ዳይሬክተሩ ሠራተኞቹን ካነጋገሩ በኋላ ሠራተኞቹ ወደየቢሯቸው ሄዱ።» «ወደየ» እዚህ ብዙ ይረዳል፣ ለብዙ ሰው ብቻ ስለሚነገር። በውል ጽሑፍ ግን ልማዱ ሌላ ነው፤ «ሻጭ ያስረክባል፣ ገዥ ይከፍላል» እየተባለ በነጠላ ቁጥር ይጻፋል። ይህ ንቀት ተደርጎ አይወሰድም፤ እንዲያውም ማን ግዴታ እንዳለበት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

«ቢሮ ገብቶ ስልኩ ጮኸ» ምን ችግር አለው?

ሰዋስዉን ከተከተልነው ቢሮ የገባው ስልኩ ነው። ገብቶ፣ አይቶ፣ ጨርሶ፣ ተቀምጦ የሚሉት ቦዝ አንቀጾች ብቻቸውን ሐሳብ አይቋጩም፤ ማሰሪያ አንቀጹን ተደግፈው ነው የሚቆሙት። የራሳቸው ባለቤት ካልተጻፈላቸው የማሰሪያ አንቀጹን ባለቤት ይዋሳሉ። እዚህ ማሰሪያው «ጮኸ» ነው፤ የጮኸው ስልኩ ነው፤ ስለዚህ የገባውም እሱ ሆኖ ያርፋል።

ይህ ስህተት ለጸሐፊው የማይታየው ለምንድን ነው? «ገብቶ»ም «ጮኸ»ም ለሩቅ ወንድ የሚሆኑ ስለሆኑ ተስማምተው ይታዩታል። ወደ «እኔ» ሲለወጥ ግን ስንጥቁ ይገለጣል፦ «ቢሮ ገብቼ ስልኩ ጮኸ።» አሁን ጆሮን ይቆረቁራል፤ «ገብቼ» ብሎ የጀመረው ሰው ምን እንዳደረገ ሳይነገር ቀርቷልና። የራሱ ባለቤት ያልተጻፈለትን ቦዝ የያዘ ማንኛውንም ዓረፍተ ነገር በዚህ መንገድ መፈተን ይቻላል። ቦዙን ወደ «እኔ» ለውጡ፣ ማሰሪያው አብሮ ወደ «እኔ» መለወጥ ከቻለ ጤነኛ ነው፤ ካልቻለ ሐረጉ ባለቤቱን ስቷል።

ማስተካከያው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቦዙን ትቶ የራሱን ባለቤት በግልጽ በሚይዝ ሐረግ መተካት ነው፦ «ዳዊት ቢሮ እንደገባ ስልኩ ጮኸ።» ሌላው ማሰሪያውን ለሰውየው መመለስ ነው፦ «ዳዊት ቢሮ ገብቶ የስልኩን ጩኸት ሰማ።» የመጀመሪያው ለመግለጫ ጽሑፍ ይቀላል፤ ሁለተኛው የአንድን ሰው ድርጊት በተከታታይ ስንጽፍ ይሻላል።

ታዲያ «ዝናብ ዘንቦ መንገዱ ተዘጋ»ም ስህተት ነው?

አይደለም። የዘነበው ዝናብ፣ የተዘጋው መንገድ ነው፤ ባለቤቶቹ ሁለት ናቸው፤ ግን «ዘንቦ» የራሱ ባለቤት «ዝናብ» አጠገቡ ስላለ ከማንም አይዋስም። «መብራት ጠፍቶ ሥራ ቆመ» የሚለውም እንዲሁ። ይህን አማርኛ እንደ ስህተት ቆጥረው የሚሰርዙ አራሚዎች አሉ፤ ቋንቋውን ያደኸዩታል እንጂ አያርሙትም። አደጋው ያለው ባለቤት አልባ በሆነው ቦዝ ላይ ነው።

«እየሮጠ አየው» ሲባል የሚሮጠው ማን ነው?

«ዳዊት ሳሙኤልን አራት ኪሎ እየሮጠ አየው» ከሚለው ማወቅ አይቻልም። የምስክር ቃል ላይ ሲሆን ጉዳዩ ይከብዳል፤ «ከሱቁ እየወጣ አየው» ተብሎ ቢጻፍ ከሱቁ የወጣው ምስክሩ ይሁን ተጠርጣሪው ሳይለይ መዝገብ ውስጥ ይቀመጣል።

የሚሮጠውን ሰው ከ«እየሮጠ» አጠገብ አድርጉት። ባለቤቱ ከሆነ «ዳዊት እየሮጠ ሳለ ሳሙኤልን አየው»፣ ተሳቢው ከሆነ «ሳሙኤል ሲሮጥ ዳዊት አየው»።

የጊዜ ቃል የት ይቀመጥ?

ከሚገልጸው ግስ አጠገብ፣ በፊቱ። «ዳይሬክተሩ ሰኞ ቢሮው እንደሚዘጋ አስታወቁ» ሰኞ ማስታወቁ ነው ወይስ መዘጋቱ? «ዳይሬክተሩ ቢሮው ሰኞ እንደሚዘጋ አስታወቁ» ሲባል መዘጋቱ ነው። «ዳይሬክተሩ ቢሮው እንደሚዘጋ ሰኞ አስታወቁ» ሲባል ማስታወቁ ነው። አንድ ቃል ማንቀሳቀስ እንጂ የሚጨመር ነገር የለም።

«ደብዳቤዬ ጠፋ አለኝ» ውስጥ ደብዳቤው የማን ነው?

አማርኛ የሰውን ንግግር እንዳለ አምጥቶ መሐል ያስገባል፤ ስለዚህ «ዬ» የተናጋሪው ይሆናል፣ ደብዳቤው የእሱ ነው። በወሬ ላይ የድምፁ ለውጥ ይህን ያስረዳል። ጽሑፍ ላይ ግን ድምፅ ስለሌለ አንባቢው ደብዳቤውን የጸሐፊው አድርጎ ሊያነበው ይችላል።

ትእምርተ ጥቅስ ማስገባት አንዱ መንገድ ነው፦ ዳዊት «ደብዳቤዬ ጠፋ» አለኝ። ሌላው ንግግሩን ወደ ራስ አባባል መለወጥ ነው፦ ዳዊት ደብዳቤው እንደጠፋበት ነገረኝ። በሁለተኛው ላይ የጠፋበትን ሰው ያሳየው «በት» ነው። ደብዳቤው የጸሐፊው ከሆነ ደግሞ «የእኔ ደብዳቤ እንደጠፋ ዳዊት ነገረኝ» ይባላል።

«የታመመው የጠባቂው ልጅ» እና «የታመመው ጠባቂ ልጅ» ልዩነት አላቸው?

አላቸው፣ ልዩነቱም የአንዲት «የ» ነው። «የታመመው የጠባቂው ልጅ» ሲባል የታመመው ልጁ ነው። «የታመመው ጠባቂ ልጅ» ሲባል የታመመው ጠባቂው ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ «የታመመው ጠባቂ» በሙሉ ዘርፍ ሆኖ «ልጅ»ን ሲገልጽ ሌላ «የ» ከፊቱ መምጣት ነበረበት፤ አማርኛ ግን ሁለት «የ» በአንድ ቃል ላይ ስለማይደራርብ አንዷ ትዋጣለች። በመጀመሪያው ላይ ግን «የጠባቂው» የራሱ «የ» ስላለው «የታመመው» እሱን ዘሎ «ልጅ» ላይ ያርፋል።

ይህን ልዩነት የሚያውቅ ጸሐፊ ቢኖርም ፈጥኖ የሚያነብ አንባቢ ሊስተው ይችላል። ገንዘብ ወይም ሕክምና የሚፈቀድበት ደብዳቤ ከሆነ በአንዲት ፊደል ላይ አትተማመኑ፤ ሐረጉን ፍቱት፦ «የጥበቃ ሠራተኛው ስለታመመ ለልጁ…» ወይም «የጥበቃ ሠራተኛው ልጅ ስለታመመ…» ተብሎ ይጻፍ።

የዚህ የባሰው «የመታው ልጅ» ነው። ሌላውን የመታ ልጅ፣ እሱን የመታ ልጅ፣ እሱ የመታው ልጅ፣ ሦስቱም በዚሁ ጽሕፈት ይነበባሉ። «ው» አንዴ ለይቶ አመልካች፣ አንዴ ተሳቢ ትሆናለች። የጎደለውን ሰው ጻፉ፤ «ን» የቀረውን ትለያለች፦ «ሳሙኤልን የመታው ልጅ» እና «ሳሙኤል የመታው ልጅ» ፈጽሞ አይገናኙም። በጥድፊያ በሚተየብ ጽሑፍ ይህች «ን» ስትወድቅ መቺው ተመቺ ሆኖ ይቀራል። ሥጋት ካለ «በሳሙኤል የተመታው ልጅ» ማለት ይበልጥ ያስተማምናል።

«ማመልከቻውን መርምሮ ውሳኔ ይሰጣል» ትክክል ነው?

በአነባበቡ ይወሰናል፤ ችግሩም እሱ ነው። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። «ይሰጣል» ላልቶ ሲነበብ አንድ ሰው ወይም አካል ውሳኔ ይሰጣል፤ «መርምሮ»ም የእሱ ይሆናል፣ ዓረፍተ ነገሩ ይቆማል። ጠብቆ ሲነበብ ግን ውሳኔው ራሱ ባለቤት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ማመልከቻውን የመረመረው ውሳኔው ነው። «ይሰማል»ና «ይመታል»ም እንዲሁ ሁለት ፊት አላቸው።

ሰጪውን ጻፉት፦ «ኮሚቴው ማመልከቻውን መርምሮ ውሳኔ ይሰጣል።» ሰጪው መጠቀስ ካላስፈለገ ቦዙም ተደራጊ ይሁን፦ «ማመልከቻው ተመርምሮ ውሳኔ ይሰጣል።» ግማሹን አድራጊ፣ ግማሹን ተደራጊ ማድረግ ነው የሚያፈርሰው።

የኪራይ ውል ውስጥ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሲገኝ ከየት ተጀምሮ ይፈታል?

ፒያሳ ላለ አንድ ሱቅ የተረቀቀ ውል እንዲህ ይላል እንበል፦ «ተከራዩ ቤቱን ለአከራዩ ሲያስረክብ ዕቃውን አይቶ ገንዘቡን በ5 ቀን ውስጥ ይመልስለታል።» የተፈለገው አከራዩ ዕቃውን አይቶ መያዣውን እንዲመልስ ነበር። የተጻፈው ግን ሌላ ነው።

መጀመሪያ ግሶቹን ብቻ አውጡ፦ ሲያስረክብ፣ አይቶ፣ ይመልስለታል። ለእያንዳንዱ «ማን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የምታውቁትን ሳይሆን የተጻፈውን መልሱ። በባለቤትነት የተጻፈው ስም አንድ ብቻ ነው፣ ተከራዩ። «ለአከራዩ» ተቀባይ እንጂ ባለቤት አይደለም። ስለዚህ የሚያስረክበው፣ የሚያየውና ገንዘብ የሚመልሰው ሁሉ ተከራዩ ሆኗል፤ በ«ይመልስለታል» ውስጥ ያለው «ለት» ደግሞ ወደ አከራዩ ሄዷል። መያዣ የከፈለው ሰው እንደገና ከፋይ ሆነ ማለት ነው።

ቀጥሎ «ኡ» እና «ው» የሚጨርሱትን ስሞች ተመልከቱ። «ዕቃውን» የሱቁ መደርደሪያ ነው ወይስ ተከራዩ ያመጣው ሸቀጥ? «ገንዘቡን» ያልተከፈለ ኪራይ ነው ወይስ መያዣው? «5 ቀን»ም ከምን ጀምሮ እንደሚቆጠር አልተባለም።

ይህን «ሐሳባችን ይታወቃል» ብሎ ማለፍ አያዋጣም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1733 የውሉ ቃል ግልጽ ሲሆን ዳኛው ከዚያ ወጥቶ የተዋዋዮቹን ሐሳብ በትርጉም መወሰን እንደማይችል ይደነግጋል። ባለቤቱን የሳተ ሐረግ ደግሞ ክፋቱ ብዙ ጊዜ አሻሚ አለመምሰሉ ነው፤ ግልጽ መስሎ ያልታሰበውን ሰው ይይዛል፣ ተከራካሪውም ያንን ንባብ ይዞ ሊቆም ይችላል።

የተስተካከለው እንዲህ ይነበባል፦ «ተከራይ ሱቁን ለአከራይ ሲያስረክብ፣ አከራይ በአባሪ 1 የተዘረዘሩትን መደርደሪያዎችና በሮች አይቶ፣ ርክክቡ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ በ5 ቀን ውስጥ ተከራይ በመያዣነት ያስያዘውን 20,000 ብር ለተከራይ ይመልሳል።» «አይቶ» አሁንም ቦዝ ነው፤ ግን ከፊቱ «አከራይ» ተጽፎለታል፣ ማሰሪያው «ይመልሳል»ም የዚሁ የአከራይ ነው። «ለት» ወጥታ በቦታዋ «ለተከራይ» ገብታለች። «ተከራይ» ሦስት ጊዜ፣ «አከራይ» ሁለት ጊዜ ተጠርተዋል፤ አንዱም አይቀነስ።